በተደበቀ የቧንቧ ስብራት ምክንያት ለናረ የውሃ ሂሳብ የቅሬታ ማመልከቻ አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «በእናቴ ስም የተመዘገበው የቤታችን ቆጣሪ በወር ከ13 እስከ 15 ሜትር ኩብ ይቆጥር ነበር፤ የምንከፍለውም 255 ብር አካባቢ ነው። የጥር ወር ሂሳብ ግን ከንባብ 1,208 እስከ 1,304 ድረስ 96 ሜትር ኩብ፣ 4,055 ብር ሆኖ መጣ። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ሲፈልግ ከቆጣሪው ወደ ሮቶው የሚሄደው የብረት ቧንቧ ከግቢው ሲሚንቶ ሥር ዝጎ ተበስቶ ተገኘ፤ የካቲት 4 ቀን ተጠገነ። በዚያ ቀን ቆጣሪው 1,323 ላይ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ 1,326.3 ሆኗል። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት አራት ቀን ነው። ታሪፉ እስከ 5 ሜትር ኩብ 12 ብር፣ ከ6 እስከ 15 ድረስ 20 ብር፣ ከ16 እስከ 30 ድረስ 32 ብር፣ ከዚያ በላይ 50 ብር ሲሆን የቆጣሪ ኪራይ 15 ብር ነው። ቅርንጫፉ ‹ከቆጣሪ በኋላ ያለው የደንበኛው ኃላፊነት ነው› ብሎ መለሰን። ቆጣሪው ተበላሽቷል ብዬ ልጻፍ? ማመልከቻውስ ምን ምን ይኑረው?»

ምላሽ፦

ቆጣሪው ተበላሽቷል ብለው አይጻፉ። ይህን በመጀመሪያ የምለው ብዙ አመልካቾች እውነተኛ ቅሬታ ይዘው በተሳሳተ ክስ ምክንያት ሲሸነፉ በማየቴ ነው። በአንድ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። አንድ አባት እንደ እርስዎ ያለ ሂሳብ መጥቶባቸው ቆጣሪው ያለ አግባብ ይሮጣል ብለው አመለከቱ፤ ቆጣሪው ተነቅሎ ተመረመረና ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ መዝገቡም «ቆጣሪው ጤናማ ስለሆነ ሂሳቡ ይከፈል» ተብሎ ተዘጋ። በግቢያቸው ውስጥ የተሰበረ ቧንቧ እንደነበረ ከሁለት ወር በኋላ ሲታወቅ ጉዳዩን እንደገና ለማስከፈት የደከሙት ድካም ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔ ቀድሞ ስለነበረ ማንም ኃላፊ ሊነካው አልፈለገም።

የእርስዎ ማስረጃም ራሱ ቆጣሪውን ነጻ ያወጣዋል። ከጥገናው በኋላ በነበረው ሳምንት የቆጠረው 3.3 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህ በቀን 470 ሊትር ያህል፣ በወር ደግሞ 14 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ማለትም ከድሮው ፍጆታችሁ ጋር አንድ ነው። አንድ ቆጣሪ ቧንቧው ሲጠገን አብሮ አይጠገንም። በተጨማሪም ክንፉን ውሃ እየገፋው የሚሽከረከር ቆጣሪ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ወደ መዘግየት እንጂ ወደ መሮጥ አያዘነብልም፤ ስለዚህ ምርመራ ቢደረግ ውጤቱ እርስዎን የሚጠቅም የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። በፈረቃ ውሃ በሚያገኙ ሰፈሮች መስመሩ ሲሞላ የሚገፋው አየር ቆጣሪ ማዞሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ከጥገናው በፊትም በኋላም የሚኖር ነገር ስለሆነ የጥርን 82 ሜትር ኩብ ጭማሪ አያስረዳም።

የንባብ ስሕተት አለመኖሩን ግን ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ማረጋገጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ስሕተት ካለ የሚጠይቁት ማስተካከያ ሳይሆን እርማት ይሆናል፤ እርማት ደግሞ መብት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሂሳቡ ላይ የተጻፈውን የአሁኑን ንባብ ከቆጣሪው ፊት ካሉት ጥቁር አኃዞች ጋር ያስተያዩ፤ ጥቁሮቹ ሜትር ኩብን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። ቆጣሪው ዛሬ የሚያሳየው ቁጥር ሂሳቡ ላይ ካለው ንባብ ያነሰ ከሆነ ቆጣሪ አንባቢው ተሳስቷል ማለት ነው። ከዚያ ያለፉትን ወራት ሂሳቦች ይመልከቱ፤ ወር በወር አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ለምሳሌ 14፣ 14፣ 14 የሚል ከሆነ፣ ግቢው ተዘግቶ አንባቢው በግምት ሲሞላ ቆይቶ የተከማቸው ፍጆታ በአንድ ወር ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ከ13 እስከ 15 ከፍ ዝቅ የሚል ስለሆነ በእውነት የተነበበ ይመስላል፤ የጥገናው ቀን ንባብም ከሂሳቡ በላይ ነው። ስለዚህ ንባቡን እንደ ትክክለኛ ወስደን እንቀጥላለን።

ቅርንጫፉ የሰጣችሁ መልስ በመሠረቱ ስሕተት የለበትም። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ያለው መስመር የደንበኛው ነው፤ ውሃውም ቆጣሪውን አልፎ ወደ ግቢያችሁ ገብቷል። ይህን በማመልከቻው ውስጥ በግልጽ ይቀበሉት። መቀበሉ ጉዳዩን አያዳክመውም፤ ይልቁንም የመሥሪያ ቤቱን አንድና ዋና መከላከያ አስቀድሞ ከመንገድ ያነሣዋል፤ ማመልከቻውን የሚያየው ኃላፊም ወደሚቀጥለው፣ ጠንካራ ወደሆነው ነጥብ እንዲሻገር ያስገድደዋል። ያ ነጥብ የታሪፉ ደረጃ ነው።

ታሪፉ እየጨመረ የሚሄደው ብዙ ውሃ የሚጠቀም ሰው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከፍ ያለ ዋጋ እንዲከፍልና እንዲቆጥብ ታስቦ ነው። ከሲሚንቶ ሥር ወደ አፈር የገባ ውሃ ግን ማንም አልተጠቀመበትም፤ ማንም ሊቆጥበውም አይችልም ነበር፤ መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። የሂሳቡን አሠራር ከፍተን ስናይ ጉዳቱ የት እንደሆነ ይታያል። ከ96 ሜትር ኩብ የመጀመሪያዎቹ 5 በ12 ብር 60 ብር፣ ቀጣዮቹ 10 በ20 ብር 200 ብር፣ ቀጣዮቹ 15 በ32 ብር 480 ብር ናቸው፤ ቀሪዎቹ 66 ሜትር ኩብ በ50 ብር ሲባዙ 3,300 ብር ይሆናሉ። ከኪራዩ ጋር 4,055 ብር የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ከአጠቃላዩ ሂሳብ አምስት እጅ አራቱ የመጣው ቤተሰቡ በኑሮው ረግጦት ከማያውቀው የታሪፍ ደረጃ ነው።

ስለዚህ የምትጠይቁት ውሃውን በነጻ አድርጉልን የሚል ሳይሆን የባከነው 82 ሜትር ኩብ በ20 ብር ይታሰብልን የሚል ይሁን። ሃያ ብርን የመረጥሁት ቤተሰቡ በተለመደው ወር የሚደርስበት የመጨረሻው ደረጃ እርሱ በመሆኑ ነው። በዚህ ስሌት የተለመደው 14 ሜትር ኩብ 240 ብር፣ የባከነው 82 ሜትር ኩብ 1,640 ብር፣ ኪራዩ 15 ብር፣ በጠቅላላው 1,895 ብር ይሆናል፤ ልዩነቱም 2,160 ብር ነው። ሁሉም ይሰረዝልኝ ብሎ መጻፍ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚፈርመውን ሰው ያስቡት። ማመልከቻዎን ተቀብሎ የሚወስነው ኃላፊ ነገ ኦዲተር ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ አምርቶ፣ አጣርቶና ገፍቶ ያደረሰውን ውሃ በምን ምክንያት በነጻ እንደለቀቀ ሊጠየቅ ይችላል። ውሃው እንደተከፈለበት፣ የተለወጠው የደረጃው አሠራር ብቻ እንደሆነ፣ ለዚህም ማስረጃ በፋይሉ እንዳለ መናገር ከቻለ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይፈርማል። በሂሳባችሁ ላይ የፍሳሽ ማስወገጃ ክፍያ በውሃው መጠን ተሰልቶ የሚጨመር ቢሆን ኖሮ ወደ ፍሳሽ መስመር ያልገባ ውሃ ነውና በ82ቱ ላይ እንዲነሣ እንድትጠይቁ እመክር ነበር፤ በእናንተ ሂሳብ ላይ ግን ይህ የለም።

ማስረጃው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ ስብራቱ እንደነበረ፣ የጨመረው ውሃ በዚያ ስብራት ሊወጣ የሚችል መጠን እንደሆነ፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ቀድሞ ሊያውቀው እንደማይችል። የመጀመሪያውን በቧንቧ ሠራተኛው የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ በጥገናው ፎቶግራፍና በዕቃ መግዣ ደረሰኝ ታሳያላችሁ። የተቆረጠውን የቧንቧ ቁራጭ አትጣሉት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁም ቀዳዳውን ፎቶ አንሡ። የሠራተኛው ማረጋገጫ «ቧንቧ ጠግኛለሁ» ብቻ ቢል አይበቃም፤ ስብራቱ ከቆጣሪው ስንት ሜትር ርቀትና በምን ጥልቀት ላይ እንደተገኘ፣ የቧንቧው ዓይነትና ውፍረት፣ የተበሳበት ምክንያት ዝገት መሆኑ፣ ከላዩ ሲሚንቶ እንደነበረና ውሃው ወደ ላይ እንዳልወጣ፣ የጥገናው ቀንና በዚያ ቀን የነበረው የቆጣሪ ንባብ ይኑሩበት። ጉድጓዱ ገና ክፍት ቢሆን ኖሮ የመሥሪያ ቤቱን ቴክኒሻን ጠርቶ ማሳየት ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥማቸው ሌሎች አንባቢዎች ሲሚንቶውን ከመድፈናቸው በፊት ይህን ያስቡበት።

ሁለተኛው ብዙዎች የማያስቡት፣ ነገር ግን ቴክኒካል ክፍሉን ቶሎ የሚያሳምነው ነው። ከልማዳችሁ በላይ የሄደው 82 ሜትር ኩብ ነው። ስብራቱ ያለው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር ላይ ስለሆነ የሚያፈሰው ከዋናው መስመር ውሃ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ማለት በወር 17 ቀን ያህል ነው። ሰማንያ ሁለቱ ለ17 ሲካፈል በቀን 4.8 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 200 ሊትር ያህል ይደርሳል። ዲያሜትሩ ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ፣ ከአሥር ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ታንከር እንደሚመጣ ውሃ ያለ መጠነኛ ግፊት ሲያገኘው በሰዓት ከ200 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ያፈስሳል። ይህ ማለት ከክብሪት እንጨት ትንሽ ብቻ የሚሰፋ ቀዳዳ ሂሳባችሁን ሙሉ በሙሉ ያስረዳል። በቧንቧው ቁራጭ ላይ ያለውን ቀዳዳ ለክታችሁ ወደዚህ መጠን የሚቀርብ ከሆነ በማመልከቻው ውስጥ ጻፉት፤ በጣም የሚለይ ከሆነ ግን ስሌቱን ተዉትና በንባቦቹ ብቻ ተደገፉ፤ ግፊቱ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ ያልለካችሁትን ነገር በእርግጠኝነት መናገር የለባችሁም።

ስብራቱ ከሮቶው በኋላ፣ ወደ ቤት በሚገባው መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ያኔ ሮቶው ቀንና ሌሊት ይፈስሳል፤ ፈረቃው በሚቋረጥበት ቀን ሮቶው ከወትሮው ቀድሞ ባዶ ስለሚሆን ቤተሰቡ ሊጠረጥር ይገባው ነበር ተብሎ ሊሞገት ይችላል። የእናንተው ከሮቶው በፊት በመሆኑ ሮቶው እንደ ልማዱ ይሞላል፣ ቧንቧዎቹም እንደ ልማዳቸው ይሠራሉ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ምልክት የለም። ሦስተኛውን ነገር፣ ቀድማችሁ ልታውቁት እንደማትችሉ የሚያሳየውን ነጥብ፣ ከዚህ በላይ የሚደግፍ ነገር ስለሌለ በማመልከቻው ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡት።

እንግዲህ ማመልከቻው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል። ውሉ በእናትዎ ስም ስለሆነ አመልካቿ እርሳቸው ናቸው፤ እርስዎ ቢያዘጋጁትም እርሳቸው ይፈርሙበት። በእርስዎ ስም ከገባ ያለ ውክልና ስለማይታይ መዝገብ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል። የስድስቱን ወራት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ያስገባኋቸው ስለሆነ ከእጃችሁ ባሉት ሂሳቦች ተኳቸው።

ቀን፦ የካቲት 12 ቀን … ዓ.ም.

ለ … ከተማ ውሃ አገልግሎት
… ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ከመሬት በታች በነበረ የመስመር ስብራት ምክንያት የጨመረው የጥር ወር ሂሳብ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በደንበኛ ቁጥር … እና በቆጣሪ ቁጥር … የተመዘገብሁ የመኖሪያ ቤት ደንበኛ ነኝ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ስድስት ወራት የቤቴ ፍጆታ በቅደም ተከተል 13፣ 15፣ 14፣ 13፣ 15 እና 14 ሜትር ኩብ፣ በአማካይም 14 ሜትር ኩብ ነበር። የጥር ወር ሂሳብ ግን ከንባብ 1,208 እስከ ንባብ 1,304 ድረስ 96 ሜትር ኩብ፣ በገንዘብ 4,055 ብር ሆኖ ደርሶኛል።

ሂሳቡ እንደደረሰኝ ባለሙያ አስጠርቼ ባስፈተሽሁት ጊዜ ከቆጣሪው ወደ ማጠራቀሚያ ሮቶው የሚሄደው የብረት ቧንቧ ከግቢው ሲሚንቶ ሥር ዝጎ ተበስቶ ተገኝቷል። ስብራቱም የካቲት 4 ቀን፣ ቆጣሪው 1,323 ላይ እያለ፣ ሙሉ በሙሉ ተጠግኗል። ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት 11 ቀን ድረስ ቆጣሪው የደረሰው 1,326.3 ላይ ሲሆን ይህ ፍጆታዬ ወደ ተለመደው የወር 14 ሜትር ኩብ መመለሱን ያሳያል። ስብራቱ ከሮቶው በፊት፣ በሲሚንቶ ሥር የነበረ በመሆኑና ውሃው ወደ መሬት ሰርጎ ስለገባ በግቢው ውስጥ የሚታይ ውሃም ሆነ በቤቱ ውስጥ የአቅርቦት መቀነስ አልነበረም፤ ስለዚህ ሂሳቡ እስኪመጣ ድረስ ላውቀው የምችልበት መንገድ አልነበረኝም።

ከቆጣሪው በኋላ ያለውን መስመር የመጠበቅና የመጠገን ኃላፊነት የእኔ መሆኑን እቀበላለሁ፤ የቆጣሪውንም ንባብ አልቃወምም። ሆኖም ከአማካይ ፍጆታዬ በላይ ያለው 82 ሜትር ኩብ ውሃ ለጥቅም የዋለ ሳይሆን የባከነ በመሆኑ፣ አብዛኛው በከፍተኛው የታሪፍ ደረጃ መታሰቡ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። በመሆኑም የጽሕፈት ቤቱ ቴክኒሻን ቦታውን ተመልክቶ እንዲያረጋግጥ፤ የባከነው 82 ሜትር ኩብ የተለመደው ፍጆታዬ በሚደርስበት የ20 ብር ደረጃ እንዲታሰብልኝና የጥር ወር ሂሳብ 1,895 ብር ሆኖ እንዲስተካከል፤ ከጥር ወር ንባብ በኋላ እስከ ጥገናው ቀን ድረስ የባከነውና በየካቲት ወር ሂሳብ ላይ የሚወድቀው 16 ሜትር ኩብ ያህል ውሃም በዚሁ አሠራር እንዲታይልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ይህ በመመሪያው የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ሂሳቡን ያለ ቅጣት በስድስት ወር ተከፋፍሎ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሳኔው በጽሑፍ እስኪሰጠኝ ድረስ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥብኝ እጠይቃለሁ። ለማስረጃነት የስድስት ወር ሂሳቦችን፣ የጥር ወር ሂሳብን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ማረጋገጫ፣ የዕቃ መግዣ ደረሰኝ፣ የጥገናውን ፎቶግራፎችና የቆጣሪውን ንባብ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በድምሩ … ገጽ አባሪ አድርጌ አቅርቤያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ግልባጭ፦ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ላስረዳ። የመጀመሪያው 16 ሜትር ኩብ የሚለው ነው። የጥር ሂሳብ ንባብ የተወሰደው በ1,304 ሲሆን ጥገናው የተደረገው በ1,323 ነው፤ በመካከሉ ያለው 19 ሜትር ኩብ ወደ የካቲት ሂሳብ ይገባል። ንባቡ የተወሰደው ጥር 28 ቀን አካባቢ ከሆነ በእነዚያ ስድስት ቀናት ቤተሰቡ በልማዱ የሚጠቀመው 3 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ ቀሪው 16 የስብራቱ ነው፤ ንባቡ የተወሰደበትን ቀን ከሂሳቡ ላይ አይታችሁ ቁጥሩን አስተካክሉት። ይህን አሁኑኑ ካልጻፋችሁ የየካቲት ሂሳብ ወደ 30 ሜትር ኩብ ሆኖ ሲመጣ የሚያየው ሠራተኛ «ተጠግኗል ያሉት አልተጠገነም» ወደሚል ግምት ይሄዳል፤ ያኔ በእጃችሁ ያለው ምርጥ ማስረጃ በእናንተው ላይ ይዞራል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ያየሁት ትልቁ የተለመደ ጉድለት ይኸው ነው፤ ሰው የደረሰውን ሂሳብ ያያል እንጂ በመንገድ ላይ ያለውን አያይም።

ሁለተኛው የንባቡ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው የቆጣሪውን ቁጥርና አኃዞቹን በአንድ ላይ ማሳየት አለበት፤ አኃዙ ብቻ የሚታይበት ፎቶ የማን ቆጣሪ እንደሆነ አይናገርም። አሁንም አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አድርጋችሁ ውጤቱን ብታያይዙ መልካም ነው። ውሃ በመጣበት ቀን ሮቶው እስኪሞላ ጠብቁ፤ በሮቶው አፍ ያለውን ማዞሪያና ከዋናው መስመር በቀጥታ የሚቀዱትን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጉ፤ ከዚያ የቆጣሪውን ፎቶ አንሥታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና አንሡ። በቆጣሪው ፊት ያለችው ትንሿ ጥርሳም መንኮራኩር ፈጽማ ካልተንቀሳቀሰችና ቀዮቹ አኃዞች ካልተለወጡ በቆጣሪውና በሮቶው መካከል የሚያፈስ ነገር የለም። ብትዞር ግን ማመልከቻውን ለማስገባት አትቸኩሉ፤ የዛገ የብረት ቧንቧ አንድ ቦታ ከተበሳ ሌላ ቦታም ሊበሳ የደረሰ ስለሚሆን ሁለተኛ ቀዳዳ ፈልጉ። በእኔ ግምት ያ መስመር በሙሉ በፕላስቲክ ቧንቧ መለወጥ አለበት፤ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ማስተካከያ ሲያደርጉ ለአንድ ጊዜ ብቻ የማድረግ ዝንባሌ ስላላቸው በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ማመልከቻ ይዞ መቅረብ አያዋጣም።

ማመልከቻውን ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ ወደ መዝገብ ቤት ውሰዱ። አንዱን ያስቀራሉ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት። ያለ ገቢ ቁጥር በሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ወረቀት በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያውቀውም። ወደ ደንበኞች አገልግሎት ከተመራ በኋላ ለማን እንደተመራ ጠይቃችሁ ስሙን ከገቢ ቁጥሩ ጎን መዝግቡ። ቴክኒሻኑ ለማየት ሲመጣ የተቆረጠውን ቧንቧ፣ የጠገነውን ሠራተኛ ስልክና የተደፈነውን ቦታ አሳዩት፤ የእርሱ የሁለት መስመር ሪፖርት ከእናንተ ሁለት ገጽ ይልቅ ለውሳኔው ክብደት አለው። ስለ ቆጣሪ አንባቢው በክፉ አትጻፉ፤ የታኅሣሥንና የጥርን ንባብ በትክክል የወሰደው እርሱ ነው፤ ማስረጃችሁ የቆመውም በእርሱ ሥራ ላይ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የመክፈያው ጊዜ ማመልከቻ ስለገባ ብቻ አይቆምም። በባንክ ወይም በቴሌብር የሚከፈል ሂሳብ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ካልሆነ አይቀበልም፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዡ ከሂሳቡ የተወሰነውን፣ ቢያንስ የተለመደውን 255 ብር በቅርንጫፉ በኩል ሊቀበል የሚችል እንደሆነ ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ። ከተቀበሉ መክፈላችሁን በደረሰኝ ያዙ። ካልተቀበሉና የመክፈያው ቀን ከደረሰ፣ ቅጣቱንና የመስመር መቋረጡን የምትፈሩ ከሆነ፣ ሙሉውን ከፍላችሁ ቅሬታው በገቢ ቁጥር … በመታየት ላይ እንደሆነና የሚወሰነው ልዩነት በቀጣይ ሂሳቦች እንዲቀናነስ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ በዚያው ቀን አስገቡ። መክፈል ቅሬታን እንደ መተው ሊቆጠር የሚችለው በተለይ ከክፍያው ጋር ምንም ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

የሚመጣው መልስ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ማስተካከያ ማድረግ በመመሪያቸው ካለ ቴክኒሻኑ ካየ በኋላ እንደ ጠየቃችሁት ወይም በተወሰነ ለውጥ ይፈቅዳሉ። መመሪያው ለዚህ ቦታ ካልሰጠ ቅርንጫፉ በራሱ ሊቀንስ አይችልም፤ ያኔ የክፍያ ክፍፍሉን ተቀበሉና የታሪፍ ጥያቄውን ለዋናው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ክፍል የቅርንጫፉን የጽሑፍ መልስ አያይዛችሁ አቅርቡ። ምንም መልስ ካልመጣ በገቢ ቁጥሩ ጠቅሳችሁ የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሁለተኛው ዝምታ ከዋናው መሥሪያ ቤት ከሆነ የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ወደሚመረምረው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል። ተቋሙ ግን አስቀድማችሁ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ደረጃ መጨረሳችሁን ይጠይቃል፤ ማኅተም ያለባቸው ቅጂዎች የሚያስፈልጉትም ለዚያ ነው።

በቃል ይስተካከላል ቢሏችሁ ደስ ብሏችሁ አትመለሱ፤ ውሳኔው በደብዳቤ ይሰጣችሁ። ማስተካከያው በሂሳብ ክፍሉ መዝገብ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ኮምፒውተሩ 4,055 ብሩን ውዝፍ አድርጎ ወደ መጋቢት ያሻግረዋል፤ ቅጣቱንም ይጨምርበታል። የየካቲት ሂሳብ እንደወጣ የውዝፉን መስመር አይታችሁ ተቀንሶ 1,895 ብር መሆኑን፣ አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነም 2,160 ብሩ ለእናንተ በብልጫ መያዙን አረጋግጡ፤ ካልሆነ የውሳኔውን ደብዳቤ ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ወደ ሂሳብ ክፍሉ ሂዱ።